ለአንድ ፖርትፎሊዮ ሦስት የስጋት ቁጥሮች፦ የትኛው ይታመን?

«ገንዘቤ በሦስት ቦታ ተከፍሏል፦ 50% አክሲዮን፣ 30% የሪል እስቴት ፈንድ፣ 20% የረጅም ጊዜ ቦንድ። ዓመታዊ መደበኛ ልይይታቸው በቅደም ተከተል 20%፣ 15% እና 10% ነው። ኮሪሌሽናቸው በአክሲዮንና በሪል እስቴት መካከል 0.6፣ በአክሲዮንና በቦንድ 0.1፣ በሪል እስቴትና በቦንድ −0.2 ነው። የፖርትፎሊዮውን ስጋት በሦስት መንገድ ባሰላው ሦስት መልስ አገኘሁ፦ በድርሻ ተመዝኖ 16.5%፣ በረጅሙ ቀመር 12.31%፣ በማትሪክስ 13.37%። ከዚያ ደግሞ ድርሻውን 20፣ 20 እና 60 አድርጌ፣ ቦንዱ ከሁለቱም ጋር −0.9 ቢሆን ብዬ ስሞክር ቫሪያንሱ −0.00002 ወጣ፤ ኤክሴልም ስኩዌር ሩቱን አላወጣም አለኝ። ይህ የማጠጋጋት ስህተት ነው? የትኛውንስ ቁጥር ልመን?»

ትክክለኛው 13.37% ነው። 12.31% ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ስሌት ነው። 16.5% የሌላ ጥያቄ መልስ እንጂ ስህተት አይደለም። −0.00002 ደግሞ ከማጠጋጋት አልመጣም፤ ያስገቧቸው ሦስት ኮሪሌሽኖች በአንድ ዓለም ውስጥ አብረው ሊኖሩ እንደማይችሉ የሚናገር ምልክት ነው። የመጀመሪያዎቹን ቶሎ ብለን እናልፋቸዋለን፤ ረዘም ያለ ቦታ የምሰጠው ለመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም እርሱ ብዙ ዓመት የሠሩ ሰዎችንም ያስታል።

16.5% የተገኘው መደበኛ ልይይቶቹን በየድርሻቸው አባዝተው 10፣ 4.5 እና 2ን በመደመር ነው። ይህ ድምር የፖርትፎሊዮው ስጋት የሚሆነው ሦስቱ ሀብቶች ሁልጊዜ አብረው የሚወጡና አብረው የሚወርዱ ሲሆኑ፣ ማለትም ሦስቱም ኮሪሌሽኖች ልክ 1 ሲሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን አይጣሉት፤ ጣሪያ አድርገው ያስቀምጡት። ከድርሻዎቹ አንዱም ከዜሮ በታች እስካልሆነ ድረስ ትክክለኛው መልስ ከዚህ ጣሪያ ሊያልፍ አይችልም፤ ካለፈ አንድ ቦታ ላይ የተሳሳተ ቁጥር አለ ማለት ነው። ከ16.5 እስከ 13.37 ያለው ልዩነት፣ ሦስት ነጥብ ከምናምን፣ ሀብቱን በመከፋፈልዎ ያተረፉት ነው።

12.31% የመጣበትን ለማየት ማትሪክሱን እንዘርጋ። ኮቫሪያንስ ማለት የሁለት ሀብቶች ትርፍ ከየአማካዩ ሲርቅ አንድ ላይ የሚርቅበትን መጠን የሚለካ ቁጥር ነው። ኮሪሌሽኑን በሁለቱ መደበኛ ልይይቶች በማባዛት ይገኛል። ለአክሲዮንና ለሪል እስቴት 0.6 × 0.20 × 0.15 = 0.018 ይሆናል። አንድ ሀብት ከራሱ ጋር ያለው ኮሪሌሽን 1 ስለሆነ ከራሱ ጋር ያለው ኮቫሪያንስ የራሱ ቫሪያንስ ነው፤ ለአክሲዮኑ 0.20 × 0.20 = 0.04። የእርስዎ ሰንጠረዥ እንግዲህ ይህ ነው፦

```
             አክሲዮን     ሪል እስቴት    ቦንድ
አክሲዮን       0.0400     0.0180      0.0020
ሪል እስቴት     0.0180     0.0225     -0.0030
ቦንድ          0.0020    -0.0030      0.0100
```

ሳጥኖቹ ዘጠኝ ናቸው። ሦስቱ በሰያፉ መስመር ላይ የተቀመጡ ቫሪያንሶች ናቸው፤ የቀሩት ስድስቱ ግን ሦስት ጥንዶች ሁለት ሁለት ጊዜ የተጻፉባቸው ናቸው። አክሲዮን ከሪል እስቴት ጋር አንድ ጊዜ በላይ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በታች በግራ ይገኛል። የፖርትፎሊዮው ቫሪያንስ የሚገኘው እያንዳንዱ ሳጥን በረድፉ ሀብት ድርሻና በአምዱ ሀብት ድርሻ ተባዝቶ ዘጠኙም ሲደመሩ ነው። በረጅሙ ቀመር ላይ ከጥንዶቹ ፊት የሚቆመው 2 የመጣው ከዚሁ መደጋገም ነው፤ V የፖርትፎሊዮው ቫሪያንስ፣ w ድርሻ፣ σ መደበኛ ልይይት፣ c የጥንድ ኮቫሪያንስ ነው፣ 1፣ 2 እና 3 ደግሞ አክሲዮን፣ ሪል እስቴትና ቦንድ ናቸው፦

```
V = w1²σ1² + w2²σ2² + w3²σ3²
    + 2·w1·w2·c12 + 2·w1·w3·c13 + 2·w2·w3·c23
```

እርስዎ ያንን 2 ረስተዋል። ከውጤትዎ ወደ ኋላ ተመልሼ አይቼዋለሁ፦ የሰያፉ መስመር ድርሻ 0.01 + 0.002025 + 0.0004 = 0.012425 ነው። ሦስቱ ጥንዶች አንዳንድ ጊዜ ብቻ ሲደመሩ 0.0027 + 0.0002 − 0.00018 = 0.00272 ይሆናሉ። ድምሩ 0.015145፣ ስኩዌር ሩቱ 12.31%፤ ልክ እርስዎ ያገኙት። ጥንዶቹን እጥፍ ሲያደርጉ 0.012425 + 0.00544 = 0.017865 ይወጣል፤ የዚህ ስኩዌር ሩት 13.37% ነው። የስህተቱ ክፋት ውጤቱ አሳማኝ መምሰሉ ላይ ነው። 12.31% ማንንም አያስደነግጥም፤ እንዲያውም ዝቅ ያለ ስለሆነ ሰው ደስ ብሎት ይቀበለዋል።

ለዚህ ነው ረጅሙን ቀመር ለሦስት ሀብት እንኳ እንዲጠቀሙበት የማልመክረው። በማትሪክስ ሲሠሩ 2ን መርሳት አይቻልም፤ ሁለቱም ሳጥኖች በሰንጠረዡ ላይ ቆመዋልና። ነገር ግን ብዙ ሰዎች እንደሚያደርጉት ሁሉንም በአንድ ረጅም ትእዛዝ አንድ ሳጥን ውስጥ አይጨቁኑት። በሁለት እርምጃ ይሥሩት፤ ምክንያቱም መካከለኛው እርምጃ ከመጨረሻው ቁጥር የበለጠ ይናገራል። ሰንጠረዡ B2:D4 ላይ፣ ድርሻዎቹ F2:F4 ላይ በአምድ ተቀምጠዋል እንበል፦

```
G2:G4   =MMULT(B2:D4, F2:F4)
H2      =SUMPRODUCT(F2:F4, G2:G4)
H3      =SQRT(H2)
```

በቆዩ የኤክሴል እትሞች ለመጀመሪያው ትእዛዝ ሦስቱን ሳጥኖች መርጦ Ctrl+Shift+Enter መጫን ያስፈልጋል፤ አለዚያ አንድ ቁጥር ብቻ ያገኛሉ። ድርሻዎቹ በረድፍ ሳይሆን በአምድ መሆናቸውንም ያረጋግጡ፤ ሦስት በሦስት የሆነ ሰንጠረዥ ከቀኙ የሚባዛው ሦስት ቁጥር ባለው አምድ ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ ለእያንዳንዱ ሀብት አንድ ቁጥር ይሰጣል። ለአክሲዮን 0.04 × 0.5 + 0.018 × 0.3 + 0.002 × 0.2 = 0.0258 ነው። ለሪል እስቴት በተመሳሳይ መንገድ 0.01515፣ ለቦንድ 0.0021 ይወጣል። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች እያንዳንዱ ሀብት ከራሱ ጋር ሳይሆን ከመላው ፖርትፎሊዮ ጋር ያለው ኮቫሪያንስ ናቸው። ቦንዱን ይመልከቱት። ለብቻው ሲታይ ቫሪያንሱ 0.01 ነው፤ በእርስዎ ፖርትፎሊዮ ውስጥ ሲገባ ግን 0.0021 ብቻ ይመዝናል። ብቻውን የሚንቀጠቀጥ ነገር ከሌሎች ጋር ሲቀመጥ ጸጥ ሊል እንደሚችል የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

በሁለተኛው እርምጃ እነዚህን በየድርሻቸው ያባዛሉ፦ 0.0129፣ 0.004545 እና 0.00042። ድምራቸው 0.017865 ነው። እያንዳንዱን ለድምሩ ያካፍሉት። አክሲዮኑ ከጠቅላላው ቫሪያንስ 72.2% ይሸከማል፣ ሪል እስቴቱ 25.4%፣ ቦንዱ 2.4% ገደማ። «ግማሹ ገንዘቤ አክሲዮን ላይ ነው» ሲሉ ግማሹ ስጋትም እዚያ ያለ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ከስጋቱ ሦስት አራተኛ የሚጠጋው እዚያው ነው። ይህን ረጅሙ ቀመር በቀጥታ አይነግርዎትም።

መካከለኛው አምድ ሌላም ጥቅም አለው። ከአክሲዮን ላይ 10 ነጥብ ቀንሰው ወደ ቦንድ ቢያዛውሩ ቫሪያንሱ በምን ያህል እንደሚወርድ ሙሉውን ስሌት ሳይደግሙ ይገምታሉ፦ የሁለቱን ቁጥሮች ልዩነት በተዛወረው ድርሻና በ2 ያባዙ። 2 × 0.1 × (0.0021 − 0.0258) = −0.00474። ግምቱ እንግዲህ 0.013125 ነው። በ40፣ 30፣ 30 ሙሉው ስሌት ሲሠራ 0.013585 ይወጣል፣ ማለትም 11.66%። ግምቱ ትንሽ ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ ድርሻው ሲለዋወጥ እነዚያ ሦስት ቁጥሮችም አብረው ስለሚለወጡ ግምቱ የሚሠራው ለትንሽ ዝውውር ነው። ግማሽ ፖርትፎሊዮ ለማዛወር ከፈለጉ እንደገና ያስሉ።

አሁን ወደ −0.00002 እንምጣ። መጀመሪያ የሒሳብ ሥራዎ ትክክል መሆኑን ላረጋግጥልዎት። ቦንዱ ከሁለቱም ጋር −0.9 ሲሆን ኮቫሪያንሱ ከአክሲዮን ጋር −0.018፣ ከሪል እስቴት ጋር −0.0135 ይሆናል። በ20፣ 20፣ 60 ድርሻ የሰያፉ መስመር ድምር 0.0061 ነው፤ የአክሲዮንና የሪል እስቴት ጥንድ 0.00144 ይጨምራል፤ ሁለቱ የቦንድ ጥንዶች 0.00432 እና 0.00324 ይቀንሳሉ። ቀሪው በትክክል −0.00002 ነው። አንድም ቦታ ላይ ያጠጋጋነው ነገር የለም። ታዲያ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ «ዜሮ ማለት ነው» ብለው እንዳያልፉት።

ቫሪያንስ የተስኳየሩ ርቀቶች አማካይ ነው፤ ከዜሮ በታች ሊወርድ አይችልም። ከወረደ ጥፋቱ ከማባዛቱ ወይም ከሰንጠረዡ ነው፤ ማባዛቱን አሁን አይተነዋል። ሦስት ኮሪሌሽኖች እያንዳንዳቸው በ−1 እና በ1 መካከል መሆናቸው አይበቃም፤ እርስ በርሳቸውም መስማማት አለባቸው። ነገሩ የጠላቴ ጠላት ወዳጄ ነው እንደሚባለው ነው። አክሲዮን ከቦንድ ጋር በጣም የሚቃረን ከሆነ፣ ሪል እስቴትም ከዚያው ቦንድ ጋር በጣም የሚቃረን ከሆነ፣ አክሲዮንና ሪል እስቴት ሳይወዱ በግድ አብረው መሄድ አለባቸው። ምን ያህል? ሁለቱ ኮሪሌሽኖች ሲታወቁ ሦስተኛው ሊቆም የሚችልበት ድንበር ይህ ነው፤ r ኮሪሌሽን ነው፣ ቁጥሮቹም እንደ ቀድሞው ሀብቶቹን ያመለክታሉ፦

```
r12 ≥ r13·r23 − √((1 − r13²)·(1 − r23²))
r12 ≤ r13·r23 + √((1 − r13²)·(1 − r23²))
```

የእርስዎን ቁጥሮች እናስገባ። ሁለቱም −0.9 ከሆኑ ብዜታቸው 0.81 ነው፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ 0.19። ስለዚህ የአክሲዮንና የሪል እስቴት ኮሪሌሽን ቢያንስ 0.81 − 0.19 = 0.62 መሆን አለበት። እርስዎ 0.6 ላይ ተውት። በ0.02 ብቻ ከሚቻለው ውጭ ወጡ፤ ቫሪያንሱም ለጥቂት ከዜሮ በታች የወረደው ለዚህ ነው። እንዲህ ዓይነት ሦስት ተከታታይ ቁጥሮች በዓለም ላይ የትም ሊመዘገቡ አይችሉም፤ ሊፈጥሯቸው ቢሞክሩ እንኳ አይሳካልዎትም።

ከዚህ የባሰው ሌላ ነው። በዚያው የተበላሸ ሰንጠረዥ ላይ 50፣ 30፣ 20 ድርሻ ቢያስገቡ ምንም ማስጠንቀቂያ አያገኙም፤ ቫሪያንሱ ከዜሮ በላይ ይሆናል፣ ስኩዌር ሩቱም ይወጣል፣ ሪፖርቱም ያምራል። ከዜሮ በታች የሚያወርደው የድርሻ ቅንብር ጠባብ ነው፤ እርስዎ በአጋጣሚ ነክተውት ነው። አነስተኛውን ስጋት በራሱ የሚፈልግ ፕሮግራም ግን በአጋጣሚ አይሄድም፤ ቀጥታ ወደዚያ ጉድጓድ ይወርዳል፣ የማይኖር ነጻ መድን አገኘሁ ብሎም ያቀርብልዎታል። ስለዚህ ፍተሻው በውጤቱ ላይ ሳይሆን በሰንጠረዡ ላይ፣ ድርሻ ከመግባቱ በፊት መሆን አለበት።

ለሦስት ሀብት ፍተሻው ቀላል ነው፦ የኮሪሌሽን ሰንጠረዡን ዲተርሚናንት በ=MDETERM ያውጡ። ሦስቱም ኮሪሌሽኖች በ−1 እና በ1 መካከል ሆነው ዲተርሚናንቱ ከዜሮ በታች ካልሆነ ሰንጠረዡ ጤናማ ነው። የእርስዎ −0.008 ይሰጣል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ይኸው ፍተሻ በኮቫሪያንስ ሰንጠረዡ ላይ ከተሠራ የሚወጣው −0.000000072 ነው፤ ኤክሴል -7.2E-08 ብሎ ይጽፈዋል፣ አንባቢውም የኮምፒውተር ብናኝ ነው ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱ አንድ ዓይነት መረጃ የያዙ ናቸው፤ የኮቫሪያንሱ በሦስቱ ቫሪያንሶች ስለተባዛ ብቻ ነው ያነሰው። ፍተሻውን ሁልጊዜ በኮሪሌሽኑ ላይ ያድርጉ። ሀብቶቹ ከሦስት ሲበልጡ ግን ዲተርሚናንት ብቻውን አይታመንም፤ ሁለት ጥፋቶች ተባዝተው ጤናማ የሚመስል ምልክት ሊሰጡ ይችላሉ። ያን ጊዜ የማትሪክሱን አይገን ዋጋዎች በሙሉ ማየት ያስፈልጋል፤ አንዱም ከዜሮ በታች መሆን የለበትም።

እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ በሁለት መንገድ ይወለዳል። አንደኛው እንደ እርስዎ «እንዲህ ቢሆንስ» ብሎ አንድ ሁለት ቁጥር በእጅ መለወጥ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ስውር ነው፦ የአክሲዮኑ መረጃ የአሥር ዓመት፣ የሪል እስቴት ፈንዱ የአራት ዓመት፣ የቦንዱ የሰባት ዓመት ሆኖ፣ ሰውየው መረጃ እንዳይባክንበት ለእያንዳንዱ ጥንድ የሚገጥመውን ረጅሙን ዘመን ሲጠቀም ነው። ሦስቱ ኮሪሌሽኖች ከአንድ ዘመን አይመጡም፣ የሪል እስቴቱ ሁለቱ ከአራት ዓመት፣ የአክሲዮንና የቦንዱ ከሰባት ዓመት ይመጣሉ፤ እርስ በርስ እንዲስማሙ የሚያስገድዳቸው ነገር የለም። መፍትሔው ቅር የሚያሰኝ ነው፦ ሦስቱም በጋራ ያላቸውን አራት ዓመት ብቻ መጠቀም። ከአንድ የጋራ ዘመን በአንድ ዓይነት ቀመር የተሰላ ሰንጠረዥ ከዜሮ በታች የሆነ ቫሪያንስ ፈጽሞ አይሰጥም።

«በአንድ ዓይነት ቀመር» ያልኩት በምክንያት ነው። ኤክሴል ሁለት ኮቫሪያንስ አለው፤ COVARIANCE.P ለመረጃው ብዛት ያካፍላል፣ COVARIANCE.S ደግሞ ከብዛቱ አንድ ቀንሶ። ሰያፉን በVAR.S ሞልተው ጥንዶቹን በCOVARIANCE.P ከሞሉ፣ በ12 ወር መረጃ ጥንዶቹ ሁሉ በ8.3% ያንሳሉ። ሁሉንም በ.S ይሥሩ።

የዚህ ስህተት ታላቅ ወንድም የጊዜ መለኪያ መደባለቅ ነው። አንድ ጊዜ እንድመረምረው የተሰጠኝ ፋይል ላይ ሰያፉ ዓመታዊ፣ ጥንዶቹ ወርኃዊ ሆነው አገኘኋቸው፤ ሠሪው ቫሪያንሱን በ12 አባዝቶ ጥንዶቹን ረስቷቸዋል። በእርስዎ ቁጥሮች ይህ ቢደረግ 0.00544 ለ12 ይካፈልና ቫሪያንሱ 0.012878፣ ስጋቱም 11.35% ይሆናል። አሁንም የሚያስደነግጥ ቁጥር አይደለም። የሚያጋልጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሰንጠረዡ ወደ ኋላ ተመልሶ ኮሪሌሽኑን ማውጣት። ኮቫሪያንሱን በሁለቱ መደበኛ ልይይቶች ብዜት ያካፍሉት። በተበላሸው ፋይል 0.0015 ÷ 0.03 = 0.05 ይወጣል፤ የሪል እስቴትና የአክሲዮን ኮሪሌሽን 0.6 እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። ሲያያዝም ይህን ያስታውሱ፦ ከወር ወደ ዓመት ሲሻገሩ ቫሪያንስና ኮቫሪያንስ በ12 ይባዛሉ፣ መደበኛ ልይይት በ12 ስኩዌር ሩት፣ ኮሪሌሽን ግን በምንም አይባዛም። ይህ ሁሉ የአንዱ ወር ትርፍ ለሚቀጥለው ወር ፍንጭ አይሰጥም በሚል ግምት ላይ የቆመ ነው፤ የሪል እስቴት ፈንድ ዋጋ በባለሙያ ግምት በየጊዜው የሚታደስ ከሆነ ደግሞ ግምቱ ይፈርሳል። እንዲህ ያለ ፈንድ ከእውነቱ የተረጋጋ ይመስላል፤ የእርስዎም 15% ከዚህ የመጣ እንደሆነ ይመርምሩ።

አሁን 13.37%ን ምን ያህል ልመን ላሉት። ሒሳቡን ሙሉ በሙሉ ይመኑት፤ ነጥቡን ተከትለው የመጡትን 37 ግን አይመኑ። የተጠቀሙት የ36 ወር መረጃ ከሆነ፣ ያ 0.6 በ95% የመተማመኛ ክልል ከ0.34 እስከ 0.78 የትም ሊሆን ይችላል። በታችኛው ጫፍ የፖርትፎሊዮው ስጋት 12.5%፣ በላይኛው 14% ገደማ ነው። ሰዎች ኮሪሌሽን ላይ ብዙ ይጨነቃሉ፤ በእርስዎ ፖርትፎሊዮ ግን የአክሲዮኑ መደበኛ ልይይት ይበልጣል። 20% የተባለው በእውነት 23% ቢሆን፣ ሌላው ሁሉ ሳይነካ ውጤቱ 14.8% ይሆናል። ምክንያቱን ከላይ አይተነዋል፤ 72% የሚሆነውን ሸክም የያዘው እርሱ ነው። ጊዜ ካለዎት መረጃ ማጥራቱን ከዚያ ይጀምሩ።

ቫሪያንስ የማይነግርዎትም አለ። ወደ ላይ መራቅንና ወደ ታች መራቅን አንድ አድርጎ ይቆጥራል፤ አልፎ አልፎ የሚመጣ ከባድ ውድቀትንም በአማካይ ውስጥ ይቀብረዋል። ገበያ ሲናወጥ ደግሞ በሰላም ጊዜ የተለኩ ኮሪሌሽኖች ከፍ የማለት ልማድ አላቸው፤ አክሲዮንና ሪል እስቴት ያን ጊዜ ከ0.6 ይልቅ ወደ 1 ይጠጋሉ። ለዚያ ቀን መዘጋጀት ከፈለጉ ሰንጠረዡን ሁለት ጊዜ ይሥሩት፦ አንድ በተለካው ቁጥር፣ አንድ በከበደው። የከበደውን ሲሠሩ ግን ከላይ ያለውን ድንበር ይጠብቁ።

ምክሬ ይህ ነው። ረጅሙን ቀመር ይተዉት። በአንድ የጋራ ዘመን፣ በአንድ መለኪያ፣ በ.S ቀመሮች የኮሪሌሽን ሰንጠረዡን መጀመሪያ ይሥሩ፤ ዲተርሚናንቱን ይፈትሹ፤ ከዚያ ብቻ ወደ ኮቫሪያንስ ይለውጡት። ማባዛቱን በሁለት እርምጃ ያድርጉ፣ መካከለኛውን አምድ አይደብቁት። ለፖርትፎሊዮዎ የሚጽፉት ቁጥር «13% ገደማ» ይሁን።

ስለ 20፣ 20፣ 60 ቅንብርም መልስ ይገባዎታል። በመጀመሪያዎቹ ኮሪሌሽኖች ቫሪያንሱ 0.0073፣ ስጋቱ 8.54% ነው፤ ይህ የሚታመን ቁጥር ነው። ቦንዱን −0.85 ቢያደርጉት ሰንጠረዡ ሕጋዊ ይሆናል፤ የአክሲዮንና የሪል እስቴት ዝቅተኛ ድንበር ወደ 0.445 ስለሚወርድ 0.6 ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ ቫሪያንሱ 0.0004፣ ስጋቱ 2% ይወጣል። ከ−0.2 እና ከ0.1 ተነስቶ −0.85 የሚደርስ ቦንድ ግን በመረጃዎ ውስጥ የለም፤ 2%ንም ለማንም እንደ ትንበያ አያሳዩት።